አንድና ሁለት ቀን ብቻ የሚለያዩዋቸውን ተከታታይ ፈተናዎች ማቀድ፦ ሦስት የጥናት አደረጃጀቶች ሲነጻጸሩ

አራት ፈተናዎች በስምንት ቀናት ውስጥ ተደርድረው፣ በመካከላቸው የሚቀረው አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ሲሆን፣ ብዙ ተማሪ በቅድሚያ የሚጠይቀው «በመካከል ባለው ቀን ምን ላጥና?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የዘገየ ነው። በመካከል ያለው ቀን ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል የሚወሰነው ከመጀመሪያው ፈተና በፊት ባሉት ሳምንታት በተሠራው ሥራ ስለሆነ፣ ምርጫው መደረግ ያለበት የፈተናው መርሐ ግብር በታወቀበት ዕለት ነው። በዚያ ዕለት ከፊታችን ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ትምህርቶቹን በፈተናቸው ተራ አንድ በአንድ እየጨረሱ መሄድ ነው። ሁለተኛው ከመጨረሻው ፈተና ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው መምጣት ነው። ሦስተኛው ሁሉንም ትምህርቶች በየቀኑ እያፈራረቁ ማጥናት ነው። ሦስቱም የሚሠሩበት ሁኔታ አለ፤ እኔ ግን ለአብዛኛው ተማሪ ሁለተኛው ይበልጣል የሚል አቋም አለኝ፤ ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ላይ በሰዓት እየቆጠርኩ አሳያለሁ።

ክፍተቱ ስንት ሰዓት ነው?

«በመካከል አንድ ቀን አለኝ» የሚል ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ በልቡ ሃያ አራት ሰዓት ይቆጥራል። እውነተኛው ቁጥር ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ፈተናው ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ ካለቀ፣ ከምግብና ከዕረፍት በኋላ በዚያ ከሰዓት የሚቀረው ትኩረት ያለው ጥናት ከሦስት ሰዓት አይበልጥም፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ኃይሉን ተጠቅሞ ሲጽፍ የቆየ አእምሮ ከዚያ በላይ ቢቀመጥም ገጽ ከመግለጥ ያለፈ ሥራ አይሠራም። በማግስቱ ማክሰኞ፣ ሙሉ ቀን ነጻ ቢሆንም፣ ዕረፍቶቹ ሲቀነሱ የሚገኘው የተጣራ ጥናት ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ረቡዕ ጠዋት፣ ከፈተናው በፊት፣ ግማሽ ሰዓት ይጨመራል። ስለዚህ «አንድ ቀን» ማለት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ሁለት ቀን ያለው ክፍተት ደግሞ በዚሁ ስሌት አሥራ አምስት ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ከዚህ ጎን የሚቀመጠው ሌላው ቁጥር ትምህርቱ የሚፈልገው ሰዓት ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያ ንባብ የምለው አንድን ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ ተረድቶ፣ የራስን አጭር ማስታወሻ አዘጋጅቶ መጨረስን ነው። ክለሳ የምለው ደግሞ ቀድሞ የተነበበውን ምዕራፍ መጽሐፉን ዘግቶ ማውጣትና የጎደለውን መሙላትን ነው። እነዚህ ሁለቱ በሰዓት እጅግ ይለያያሉ። የራስን መጠን ለማወቅ መካከለኛ ርዝመት ያለው አንድ ምዕራፍ መርጦ፣ ሰዓት ይዞ አንዴ በመጀመሪያ ንባብ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ በክለሳ መለካት ይበቃል። በብዙ ተማሪዎች ላይ እንዳየሁት የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ከሆነ፣ ሁለተኛው ከሠላሳ እስከ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። የሚከተለው ንጽጽር ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ምሳሌው

አንዲት ተማሪ አራት ፈተናዎች አሉባት እንበል፦ ሰኞ ሂሳብ፣ ረቡዕ ታሪክ፣ ዓርብ ባዮሎጂ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ፊዚክስ። ከመጀመሪያው ፈተና በፊት አሥራ አራት ቀናት ቀርተዋታል፤ ትምህርቱ ገና ስላላለቀ በቀን የምታገኘው የተጣራ ጥናት አምስት ሰዓት ነው፤ ባጠቃላይ 70 ሰዓት። የለካችው የመጀመሪያ ንባብ ሂሳብ 13፣ ታሪክ 15፣ ባዮሎጂ 16፣ ፊዚክስ 14 ሰዓት ሲሆን ድምሩ 58 ነው። ታሪኩ አሥር ምዕራፍ ስላለው ክለሳው በምዕራፍ 35 ደቂቃ ቢታሰብ ስድስት ሰዓት አይሞላም፤ የባዮሎጂው ክለሳ ሰባት ሰዓት ያህል ነው።

ቁጥሮቹን ካንድ ጎን ወደ ሌላው ስናመሳክር ነገሩ ወዲያው ይገለጣል። የታሪክ የመጀመሪያ ንባብ፣ ማለትም 15 ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ክፍተት ውስጥ አይገባም፤ የታሪክ ክለሳ ግን ይገባል፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ትርፍም ይተዋል። የባዮሎጂም ነገር እንደዚሁ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ ያለው ክፍተት አዲስ ነገር የሚጀመርበት ሳይሆን ቀድሞ የገባ ነገር የሚወጣበት ጊዜ ነው፤ አደረጃጀቱም የሚመዘነው ይህን በማስቻሉ ወይም ባለማስቻሉ ነው።

በተራ አንድ በአንድ

በተራ ማጥናት ተፈጥሯዊ ነው፤ ቀድሞ የሚመጣው ፈተና ቀድሞ ያስፈራልና። በተግባር የሚታየው ጉድለት ግን የቅርቡ ፈተና ሰዓቱን ሁሉ መዋጡ ነው። ተማሪዋ ሂሳቡን በ13 ሰዓት ጨርሳ እንኳ ሰኞ እስኪያልፍ ድረስ ልቧ ወደ ሌላው አይሄድላትም፤ ሌላ መልመጃ፣ ሌላ ድጋሚ እያለች 40 እና 50 ሰዓት ታደርሰዋለች። እኔም በተማሪነቴ እንዲሁ አድርጌ የመጀመሪያውን ፈተና ከሚያስፈልገኝ በላይ ተዘጋጅቼበት ስገባ፣ ሦስተኛውን ግን የመጨረሻ ሦስት ምዕራፎቹን ሳልገልጣቸው ተፈትኛለሁ። በምሳሌያችን ታሪክን ከሰኞ ከሰዓት ጀምሮ ከዜሮ ብትነሣ፣ ከምትፈልገው 15 ሰዓት ውስጥ አምስት ሰዓት ተኩል ይጎድላታል፤ ይህም ወደ አራት ምዕራፍ የሚጠጋ ያልተነበበ ነገር ነው። በባዮሎጂ ጉድለቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ፊዚክስ ሁለት ቀን ስላለው የመጀመሪያ ንባቡ በጠባቡ ይገባል፤ ግን ጥያቄ ለመሥራት የሚተርፈው ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው።

ራሷን የምትገታ ተማሪ ሂሳቡን በ13 ሰዓት ዘግታ፣ ታሪክን፣ ባዮሎጂንና ፊዚክስን በተራ ከሰኞ በፊት ልታነብ እንደምትችል አይካድም። ያ ከላይኛው እጅግ ይሻላል። ሆኖም አንድ እንግዳ ውጤት አለው፦ ሰኞ ጠዋት በአእምሮዋ ትኩሱ ትምህርት ከሁሉ በኋላ የምትፈተነው ፊዚክስ ሲሆን፣ የቆየው ደግሞ በዚያው ሰዓት የምትፈተነው ሂሳብ ይሆናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው እንዳሳየው፣ የመርሳት ፍጥነት ከተማሩበት ቅጽበት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት ላይ ይበረታል፣ ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ ትኩስነት ዋጋ ያለው ለቅርቡ ፈተና ሲውል ነው።

በተራ ማጥናት የሚሻልባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ። የመጀመሪያው ፈተና ካለፈ ብቻ ቀጣዮቹ የሚቆጠሩ ከሆነ፣ ወይም ፈተናዎቹ ሁለት ብቻ ከሆኑና ክፍተቱ የሁለተኛውን የመጀመሪያ ንባብ ሙሉ በሙሉ የሚሸከም ከሆነ፣ ሌላ ነገር ማወሳሰብ አያስፈልግም።

ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው

በዚህ አደረጃጀት የመጀመሪያ ንባቡ የሚጀመረው በመጨረሻ ከሚፈተነው ትምህርት ነው። ተማሪዋ ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ቀን ፊዚክስን ትጨርሳለች፤ ከ15ቱ ሰዓት 14ቱ ለእሱ ይውላል። ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባዮሎጂ፣ ከስምንተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ታሪክ፣ ከአሥራ ሁለተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሂሳብ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ሂሳቡ ሰኞ ጠዋት ትኩስ ነው፤ ታሪኩ ገና የሳምንት ዕድሜ አልሞላውም፤ ሦስቱም ሌሎች ትምህርቶች ደግሞ አንዴ ያለፉ ስለሆኑ በየክፍተቱ የሚቀራቸው ክለሳ ብቻ ነው። ክለሳው በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ውስጥ እንደሚገባ ቀደም ብለን አይተናል።

የዚህ መንገድ ግልጽ ድክመት ፊዚክስ ነው። በሦስተኛው ቀን የተዘጋ ትምህርት የሚፈተነው በሃያ ሁለተኛው ቀን ስለሆነ፣ እንዲሁ ቢተው ብዙው ይጠፋል። መድኃኒቱ ያለፈውን ትምህርት ሁለት ሁለት ቀን እያሳለፉ ለግማሽ ሰዓት መነካካት ነው። ይህ ድጋሚ ንባብ አይደለም፤ መጽሐፉን ሳይገልጡ የአንድ ወይም የሁለት ምዕራፍ ፍሬ ነገር በባዶ ወረቀት ላይ አውጥቶ ማየት ነው። በሴፔዳና በባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ ከ1,350 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ፈተናው ከሳምንት በኋላ ሲሆን በመጀመሪያው ጥናትና በክለሳው መካከል የሚሻለው ርቀት ከፈተናው ጊዜ ከ20 እስከ 40 በመቶ መሆኑን አሳይቷል፤ ይኸውም ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሦስት ቀን ገደማ ነው። ሁለት ቀን የሚለው ልማድ ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። በምሳሌያችን እነዚህ ግማሽ ሰዓቶች ተደምረው አምስት ሰዓት ብቻ ይወስዳሉ። 58 ለመጀመሪያ ንባብ፣ 5 ለመነካካት፤ ከ70ው ሰባት ሰዓት መጠባበቂያ ይተርፋል፤ ሕመም ወይም ያልታሰበ ጉዳይ የሚያጠፋውን ቀን የሚሸፍነውም ይህ ነው።

ሁለተኛው ድክመት የበለጠ አደገኛ ነው። ግምቱ ከተሳሳተና ፊዚክሱ ከ14 ሰዓት ወደ 20 ከሄደ፣ ዕዳው እየተገፋ መጥቶ የሚያርፈው በሂሳብ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ፈተና የመጨረሻው ተሰላፊ ነውና። ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት የሚዘጋበት ቀን አስቀድሞ ተጽፎ፣ ቀኑ ሲደርስ ሁለት ምዕራፍ ቢቀርም እንኳ መዘጋት አለበት። የቀረው ምዕራፍ ወደ ትምህርቱ ክፍተት ይተላለፋል። ፊዚክስ ሁለት ቀን ክፍተት ስላለው ሁለት ምዕራፍ ማለትም ሦስት ሰዓት ያህል ሊሸከም ይችላል፤ ታሪክና ባዮሎጂ ግን ክለሳቸው ተነሥቶ የሚተርፋቸው ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ስለሆነ፣ ከአንድ ምዕራፍ በላይ እንዲተላለፍባቸው መፍቀድ አይገባም። ይህን መለየት የማይችል ተማሪ ይህን አደረጃጀት ባይመርጥ ይሻለዋል።

አንድ ማስተካከያም ያስፈልጋል። የኋለኛው ትምህርት በፊተኛው ላይ የሚመሠረት ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይታወካል። የፊዚክሱ ሁለት ምዕራፎች ተማሪዋ ያላጠናችውን የሂሳብ ክፍል የሚጠይቁ ከሆነ፣ እነሱን በመጀመሪያው ሦስት ቀን ውስጥ መታገል ትርፍ የለውም፤ ሂሳቡ ከተጠና በኋላ፣ በፊዚክሱ ክፍተት ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ላይ ቢቀመጡ ግማሹ ድካም ይቀንሳል።

በየቀኑ ማፈራረቅ

በቀን አምስቱን ሰዓት ለአራት ትምህርት ማካፈል ለእያንዳንዱ 75 ደቂቃ ይሰጣል። በጎ ጎኑ ግልጽ ነው፤ ማንኛውም ትምህርት ከአንድ ቀን በላይ ሳይነካ አይቆይም፣ መርሳትም ዕድል አያገኝም። ችግሩ የመጀመሪያ ንባብ በ75 ደቂቃ ቁርጥራጭ አለመመቸቱ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ምዕራፍ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ይቋረጣል፤ በማግስቱ የት እንደቆሙ ለማስታወስ አሥር ደቂቃ ይሄዳል፤ በአራት ትምህርት ላይ ሲደመር በቀን አርባ ደቂቃ ይባክናል። በአሥራ አራት ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ማለት ነው፤ ይህም ከአንድ ሙሉ ክፍተት ጋር የሚስተካከል ነው።

ስለዚህ ማፈራረቅ የሚገባው ዓመቱን ሙሉ እየተከታተለ ያነበበ፣ የመጀመሪያ ንባቡን የጨረሰ ተማሪ ነው። ለእሱ ከሦስቱ የሚሻለው ይህ ነው፤ 75 ደቂቃ ሁለት ምዕራፍ ለመከለስ ይበቃልና። ሁለት የሚመሳሰሉ ትምህርቶችን፣ ለምሳሌ ባዮሎጂንና ኬሚስትሪን፣ አከታትሎ ማስቀመጥ ግን ስያሜዎቹን ያደባልቃል፤ በመካከላቸው ሂሳብን የመሰለ ሌላ ዓይነት ሥራ ማስገባት ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቅ ነገር አለ። ትምህርትን ከትምህርት ማፈራረቅና በአንድ ትምህርት ውስጥ የጥያቄ ዓይነቶችን ማፈራረቅ አንድ አይደሉም። ለሁለተኛው የቆመ ጠንካራ ማስረጃ አለ። ሮረርና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሙከራ፣ የተለያዩ ቅርጾችን ይዘት ማስላት የተማሩ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ፣ ጥያቄዎቹን አደባልቀው የተለማመዱት 63 በመቶ ሲያመጡ፣ አንዱን ዓይነት ጨርሰው ወደ ሌላው የሄዱት 20 በመቶ ብቻ አምጥተዋል። በልምምዱ ወቅት የተሻሉ መስለው የታዩት ግን ኋለኞቹ ነበሩ። ምክንያቱ ፈተና ላይ የሚያስቸግረው ቀመሩን መሥራት ሳይሆን የትኛው ቀመር እንደሚያስፈልግ መለየት መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ የትኛውም አደረጃጀት ቢመረጥ፣ ሂሳብና ፊዚክስ ሲጠኑ ጥያቄዎቹ ከየምዕራፉ ተደባልቀው መሠራት አለባቸው።

በክፍተቱ ውስጥ፦ ማንበብ ወይስ ማውጣት

ሁለተኛውን መንገድ የመረጠችው ተማሪ ሰኞ ከሰዓት የታሪክ ማስታወሻዋን ይዛ ስትቀመጥ ሌላ ምርጫ ይገጥማታል። ማስታወሻውን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግማ ልታነብ፣ ወይም ዘግታ ልታወጣ ትችላለች። ደጋግሞ ማንበብ ደስ ይላል፤ ገጹ የታወቀ ስለሚመስል የተያዘ ይመስላል። ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ያነበቡና አንድ ጊዜ አንብበው አንድ ጊዜ ደግሞ ከልባቸው የጻፉ ተማሪዎችን አወዳድረዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በጥቂቱ በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ያነበቡት 54፣ ከልባቸው ያወጡት 68 በመቶ አስታወሱ። ሁለት ቀን ማለት ደግሞ በትክክል በተከታታይ ፈተናዎች መካከል ያለው ርቀት ነው። ደጋግሞ ማንበብ የሚያዋጣው በፈተናው ጠዋት ባለችው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በባዶ ወረቀት ላይ የምዕራፉ ርዕስ ይጻፋል፤ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ የሚታወሰው ሁሉ በአጭር ሐረግ ይወጣል፤ ለስምንት ደቂቃ ከማስታወሻው ጋር እየተመሳከረ የጎደለው በሌላ ቀለም ይሞላል፤ በቀሪው አሥራ አምስት ደቂቃ የጎደለው ብቻ ይጠናል። ይህ 35 ደቂቃ ነው። ሰኞ ከሰዓት ባሉት ሦስት ሰዓታት አምስት ምዕራፍ ያልፋል። ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ሌላው አምስት ያልቃል፤ ከዚያ አንድ ያለፈ ዓመት ፈተና በሁለት ሰዓት ገደብ ይሠራል፤ የመጨረሻው ሰዓት ለስሕተቶቹ ይውላል። ረቡዕ ጠዋት የሚታየው ማስታወሻው ሳይሆን በሌላ ቀለም የተጻፈው ብቻ ነው፤ ከአንድ ሁለት ገጽ አይበልጥም፣ ለግማሽ ሰዓትም ይበቃል።

ለፊዚክሱ ሁለት ቀን መንገዱ ይለያል። በስሌት ትምህርት የሚያሳስተው የተሠራን መልስ ማንበብ ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ሲነበብ ትክክል ስለሚመስል የሚችሉት ይመስላቸዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ መልሱን ሸፍኖ «የመጀመሪያው እርምጃ ምንድን ነው?» ብሎ መመለስና ጥያቄውን ሳይጨርሱ ወደ ቀጣዩ ማለፍ። በዚህ መልክ በአንድ ሰዓት ሃያ ጥያቄ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው እርምጃ የጠፋባቸው ጥያቄዎች ተለይተው ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ ይሠራሉ። እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ፈተናው በሚሰጥበት በዚያው ሰዓት፣ አንድ ሙሉ ፈተና ይሠራል፤ ከሰዓቱ ደግሞ ስሕተት ይታረምበታል። ሁለት ቀን ክፍተት ሲገኝ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ በሙሉ ማረፍ የተለመደ ነው፤ ያ ግን ቅዳሜ የሚገኙትን ጉድለቶች ለእሑድ ያስተላልፍና ሁለቱን ቀን አንድ ያደርጋቸዋል። ዕረፍት የሚገባው ዓርብ፣ ከፈተና እንደወጡ ነው። መልስ ማመሳከሩም ከዚያች ከሰዓት ላይ በቀላሉ አንድ ሰዓት ስለሚወስድ እስከ መጨረሻው ሰኞ ቢቆይ ይመረጣል።

ማምሸት ያዋጣል?

ለአንድ ብቸኛ ፈተና የሚያድር ሰው ከፈተናው በኋላ ተኝቶ ዕዳውን ይከፍላል። በተከታታይ ፈተና ግን ዕዳው የሚከፈለው ከቀጣዩ ትምህርት ነው። ተማሪዋ ለሰኞው ፈተና እሑድ ሌሊት አምስት ሰዓት ተጨማሪ ብታጠና፣ ሰኞ ከሰዓት ያሉት ሦስት ሰዓታት በእንቅልፍ ይሄዳሉ፤ ምሽቱንም በጊዜ መተኛት ያቅታትና ማክሰኞ ዘግይታ ተነሥታ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ታጣለች። በሌሊት ድካም የተጠኑ አምስት ሰዓታት በቀን በንቃት በሚጠኑ አምስት ሰዓታት ተለወጡ ማለት ነው፤ ትርፉ ዜሮ፣ ጥራቱ ደግሞ ኪሳራ ነው። ከዚህም ጋር ካፌይን በሰውነት ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ሙከራ 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ቢወሰድ እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚተኛ ተማሪ የመጨረሻውን ቡና ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ቢያደርገው ይሻላል።

ዕቅዱ ሲሰበር

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ተማሪዋ ክለሳው በምዕራፍ 35 ሳይሆን 60 ደቂቃ እየወሰደባት መሆኑን ብታይ፣ የመጀመሪያ ንባቡ ላላ ብሎ እንደነበር ምልክት ነው። በዚህ ጊዜ ያለፈ ዓመት ፈተናውን መሠረዝ የመጀመሪያው ፈታኝ ሐሳብ ይሆናል፤ ሙሉውን ከመሠረዝ ግን ጥያቄዎቹን ብቻ አንብቦ፣ የመልሱን ነጥቦች በቃል እየዘረዘሩ በግማሽ ሰዓት መጨረስ ይቻላል። ከዚያ የሚቀሩት ምዕራፎች በሦስት ይከፈላሉ፦ ደኅና የተያዙ፣ በከፊል የተያዙና ምንም ያልተያዙ። ሦስት ሰዓት ቢቀራት ያንን ሰዓት ምንም ባልተያዙት ላይ ብታውለው ሁለት ምዕራፍ ብቻ ታተርፋለች፤ በከፊል በተያዙት ላይ ብታውለው ግን፣ አንድ ሰዓት እንኳ ቢፈጅባት፣ ሦስት ምዕራፍ ታተርፋለች፣ የተሻለም ትይዛቸዋለች። ደኅና የተያዙትን መንካት ደስ የሚል የሰዓት ብክነት ነው። ይህ ቅደም ተከተል የሚለወጠው ፈተናው ያንን ያልተያዘ ምዕራፍ በግዴታ እንደሚጠይቅ በእርግጠኝነት ሲታወቅ ብቻ ነው።

ከባዮሎጂ ሰዓት መበደር ግን አይገባም፤ የባዮሎጂውም ክፍተት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፣ ትርፉም ትንሽ። ባዮሎጂው ራሱ ከላላ፣ ሊበደር የሚችለው በሳምንቱ ውስጥ ሰፊ ክፍተት ካለው ከፊዚክስ ብቻ ነው፤ ያም ሐሙስ ማታ ለፊዚክስ ታስቦ የነበረው ግማሽ ሰዓት ለባዮሎጂው ተሰጥቶ፣ በምትኩ ዓርብ ከሰዓት ዕረፍቱ በግማሽ ሰዓት አጥሮ ነው።